ጥቁር ነኝ ብላችሁ ፀሐይን አትናቁ

ወገኖቼ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ። «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትሉትን ነገር ተዉት። እኔም አክስቴ እስክትታመም ድረስ እንደዚያው ስል ነበር።

ጥቁረታችን ይከላከልልናል፣ እሱ እውነት ነው። ሜላኒን የሚባለው የቆዳችን ቀለም ጨረሩን ያጣራል። ግን ስንቱን? በጣም ጠቆር ያለ ቆዳ እንኳ በፀሐይ ክሬም ልኬት ቢመዘን 13 ገደማ ነው፣ ሐኪሞች ከክሬም የሚፈልጉት ደግሞ ቢያንስ 30 ነው። ቀላ ያልነው 13ም አንሞላም።

ደሴ ደግሞ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ያዘናጋናል። ቆዳን የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን ጨረሩ ነው፣ እሱም ስስ ደመናን ያልፋል። የኮምቦልቻ ሰው ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል፣ የደሴ ሰው ግን ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል።

አክስቴ በልጅነቷ እሳት ያቃጠለው ክንዷ ላይ የነጣ ጠባሳ ነበራት። የነጣ ጠባሳ ቀለሙን ስላጣ መከላከያ የለውም፣ እሷ ደግሞ እጅጌዋን ሰብስባ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ ተቀምጣ ነው የሸጠችው። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ጠባሳው ተሰንጥቆ ቆሰለ። ይደርቅና መልሶ ይደማል። ቅባት ቀባን፣ ቅጠል አሰርን፣ አንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት፣ እንዲህ እያልን ሰባት ወር አለፈ። ጠርዙ ጠንክሮ ከፍ ሲል ነው የደነገጥነው። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ስኩዌመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ ብቻዋን አመጣችው አልልም፣ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ራሱ ለዚህ ካንሰር መነሻ ይሆናል። ጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚታየውም ይኸው ዓይነት ነው።

ስለዚህ ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ውጭ የምትውሉ፣ እጅጌ ረዘም ይበል፣ ባርኔጣው ሰፋ ይበል፣ ጃንጥላውንም ለክረምት ብቻ አታስቀምጡት። ክሬም ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከተገኘ ቅድሚያው አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆች፣ ለምጽ ላለበት ቆዳና ለነጣ ጠባሳ ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱም ይደገም። እህቶቼ፣ ፊት የሚያቀላውን ክሬም ደግሞ ተዉት፤ የሚያጠፋው ያንኑ የሚከላከልላችሁን ቀለም ነው።

ክሬም የማያስቀረውም አለ። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ ካንሰር እኛ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይ በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ገና በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ አውራ ጣት በተነሳ ሜላኖማ ነው። እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩት። አዲስ ጥቁር ነጥብ ወይም ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካያችሁ፣ ወይ ደግሞ አንድ ወር አልፎት ያልዳነ ቁስል ካለባችሁ፣ ቅባት ተቀብላችሁ አትመለሱ፤ «ናሙና ይወሰድልኝ» በሉ።