ማስተካከያ፦ በመደበኛ ድርሰት ውስጥ ስለ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ እና ጭረት

«ተያያዥ ሐሳቦችን ለማገናኘት ድርብ ሰረዝ (፤)፣ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ (፦) ወይም ጭረት (—) ብንጠቀም ለውጥ የለውም» በሚል ቀደም ሲል የቀረበው ማብራሪያ እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

ምርጫውን የሚወስነው በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለው ዝምድና ነው። «ጥናቱ አንድ እንቅፋት ገጠመው፦ መጠይቁን ሞልተው የመለሱት ጥቂቶች ናቸው» ሲባል፣ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር እንቅፋቱ ምን እንደሆነ ስለሚገልጽ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ይስማማዋል። «መጠይቁን የመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ በቃለ መጠይቁ ግን ብዙዎች ተሳትፈዋል» በሚለው ውስጥ ግን ሐሳቦቹ ጎን ለጎን የቆሙ እንጂ አንዱ የሌላው መግለጫ ስላልሆነ ተገቢው ድርብ ሰረዝ ነው።

ድርብ ሰረዙ በትክክል መግባቱን ለማጣራት በቦታው አራት ነጥብ አስገብቶ ማንበብ ይበቃል። «መላሾቹ ጥቂት ስለሆኑ፤ ውጤቱ አያጠግብም» የሚለው በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ «ስለሆኑ» ማሰሪያ አንቀጽ ባለመሆኑ የሚያስፈልገው ነጠላ ሰረዝ ነው። ስሕተቱ በተማሪዎች ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በታተሙ ሥራዎችም ይታያል።

ጭረት ጣልቃ የገባን ሐሳብ ከግራና ከቀኝ ለመክበብ ያገለግላል፤ በመደበኛ ድርሰት ሲደጋገም ግን ጽሑፉን የወግ መልክ ስለሚሰጠው ቢቆጠብ ይመረጣል።