ጉሮሮዬን ስጠርግ ተቃውሞ ማሰማቴ አይደለም

ዛሬ ጠዋት በስብሰባው ላይ የሆነውን ያያችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁም እስካሁን ሳይነገራችሁ አልቀረም። ቢሆንም የራሴን ጉድ ራሴ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ቤቴ እስክደርስ ድረስ በውስጤ ሲንተከተክ ነው የመጣው።

አለቃችን የሴሚስተሩን ዕቅድ እያነበቡ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ጠረግሁ። በሦስተኛው ላይ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው፣ በመነጽራቸው አናት አሻግረው እያዩኝ፣ «መምህርት፣ ተቃውሞ ካለዎት እጅዎን አውጥተው ይናገሩ እንጂ በጉሮሮዎ አይመልሱልኝ» አሉኝ። ተቃውሞ እንደሌለኝ ለማስረዳት አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ ደግሞ የእኔ አይመስልም፤ ጎርንኗል፣ መሃል ላይ ይሰበራል፣ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። «እንግዲህ ድምፅዎ በጠዋቱ እንዲህ ከሆነ፣ ማታውን እንዴት እንዳሳለፉት እኛ አንጠይቅም» ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ከኋላ የሳቀውን ሰው ዐውቄዋለሁ፤ ባለፈው ዓመት ለቅሶ አለብኝ ብሎኝ የአንድ ክፍል ፈተና ሙሉውን ያረምሁለት ሰው ነው።

ማታውን እንዴት እንዳሳለፍሁት ካልጠየቁኝ እኔው ልናገር። የማታ ተማሪዎቼን አስተምሬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ፤ እራቴን በላሁ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ተኛሁ። ጠላ እንኳ የማልቀምሰው ሴት በመጠጥ የታማሁበት ሌሊት ይኸው ነው። ድምፄን የሚያጎረንነውም ከዚሁ ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ሆድ እንደሞላ ሲተኛ በጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድና ምግብ ፈጪ ፈሳሽ ወደ ላይ ይመለሳል፣ የምግብ ቧንቧውን ታችኛውንም ላይኛውንም መዝጊያ አልፎ እስከ ማንቁርት ይደርሳል። ሐኪሞቹ ላሪንጎፋሪንጂያል ሪፍለክስ ይሉታል። በሌሊት ብቻም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀን ቀን፣ ቆመንም ሆነ ጎንበስ ስንል፣ ምንም ሳይሰማን ይወጣል።

ሳይሰማን የሚለው ነው እኔን ያንከራተተኝ። በየሄድሁበት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ቃር አለሽ?» የለኝም። ደረቴን አያቃጥለኝም፣ አያገሳኝም፣ ሆዴንም አያመኝም። «እንግዲያው ከጨጓራ አይደለም» ይባላል፣ ካርዱም ይዘጋል። ቃር ባይኖርም ሕመሙ ሊኖር እንደሚችል የነገረኝ ሰው እስካገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ አለፈ። የምግብ ቧንቧ አሲድ ሲመጣበት የሚከላከልበት አለው፤ የራሱ መከላከያ ሽፋን አለው፣ እየተኮማተረ መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል፣ የምንውጠው ምራቅም ያጥበዋል። ማንቁርት ግን ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ ደረትን ለማቃጠል የማይበቃ ጥቂት ፈሳሽ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ቢደርስበት እንኳ፣ የድምፅ አውታሮቹን አካባቢ አስቆጥቶ ያሳብጠዋል። ቃር የለሽም ተብሎ የሚዘጋ ካርድ ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ አስቡት።

መድኃኒት ቤቱ መጀመሪያ ቶንሲል ነው አለኝ። በዚህ አገር ከአፍንጫ በታች ከደረት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ቶንሲል ነው። ሳያዩኝ አሞክሳሲሊን ሰጡኝ፤ ጨረስሁት፤ ሆዴን ብቻ አበላሸው። ቀጥሎ በአንድ ክሊኒክ ለጨጓራ ባክቴሪያ ሰገራ ተመረመርሁ፤ የለም ተባለ፣ የባክቴሪያው አለመኖርም አሲዱ ወደ ላይ አይወጣም ማለት ተደርጎ ተቆጠረ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው! በመጨረሻ አንዱ ወጣት ሐኪም እስክሪብቶውን እያንቀጫቀጨ፣ «እንደው ሐሳብ ታበዢያለሽ?» አለኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ደመወዜን ታውቁታላችሁ፣ አዎ አበዛለሁ። ግን ሐሳብ በጠዋት ድምፅ ሲያጎረንን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲያሻሽል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የአንገት በላይ ሐኪሙ ዘንድ የደረስሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሳቸው ከሌሎቹ በተለየ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ያ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል የምለው ነገር መቼ መቼ እንደሚሰማኝ ነበር። ምራቄን ስውጥ እዚያው እንዳለ፣ አንዳንዴ ያልወረደ ጉርሻ እንደሚመስል፣ እንጀራ ስበላ ግን እንደሚጠፋ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ምግብ በደህና እየወረደ ባዶ ሲዋጥ ብቻ የሚሰማ እብጠት ብዙውን ጊዜ የሚያስፈራ እንዳልሆነ፣ ምግቡ ራሱ አልወርድ ካለ፣ ሲዋጥ ካመመ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ደም ከታየ ወይም አንገት ላይ የሚዳሰስ ነገር ካለ ግን ነገሩ ሌላ እንደሆነ አስረዱኝ። ለደም ግፊት ኤናላፕሪል እወስድ እንደሆነም ጠየቁኝ፤ እሱም ጉሮሮ እየከረከረ ደረቅ ሳል ያመጣል። አልወስድም። ከዚያ ቀጭን የምትታጠፍ ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብተው «ኢ» በይ አሉኝ፤ ዓይኔ እያነባ «ኢ» አልሁ። ሳምንታት የቆየ የድምፅ መጎርነን እንዲሁ በግምት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ማየት ግድ ነው። አውታሮቹ ነጭ ናቸው፣ ምንም የበቀለ ነገር የለም፤ ከኋላቸው ያለው ሥጋ ግን ቀልቷል፣ አብጧል።

እዚህ ላይ ፍርድ ተሰጠ ብዬ ደስ ሲለኝ ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱብኝ። ያ መቅላት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ምንም በማያማቸው ሰዎችም ይታያል፣ በአለርጂም በሲጋራም ይመጣል፣ ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ ራሱም ያመጣዋል። ስንጠርግ ሁለቱ አውታሮች በኃይል ይጋጫሉ፤ ሲጋጩ ይቆጣሉ፤ ሲቆጡ አክታ ያመነጫሉ፤ አክታው ደግሞ እንደገና ጥረጉኝ ይላል። በአሲድ የተጀመረው ነገር አሲዱ ቢቀንስም በዚህ ዑደት ራሱን ችሎ ይቀጥላል። ስለዚህ ሊጠረግ ሲመጣ አንድ ጉንጭ ውኃ መጎንጨት፣ ውኃ ከሌለም ምራቅን ጫን ብሎ መዋጥ ነው የታዘዝሁት። ስልሳ ተማሪ ፊት እየሞከርሁት ነው። ይሠራል፤ ችግሩ ውኃው ሲበዛ የመምህራኑ መጸዳጃ ቤት ተቆልፎ መገኘቱና ቁልፉ ዛሬ የሰደቡኝ ሰውዬ ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው።

መድኃኒቱስ? ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ። ይህን መድኃኒት ያ ክሊኒክ «ሲያቃጥልሽ ዋጪ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፤ የማያቃጥላት ሴት መቼ ትዋጠው? ሰዓቱ የተወሰነው በምክንያት ነው። አሲድ አመንጪዎቹ ሕዋሳት የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ነው፤ መድኃኒቱም የሚዘጋቸው ነቅተው ሲያገኛቸው ስለሆነ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ይህም ሆኖ የሚቀንሰው አሲዱን እንጂ የፈሳሹን ወደ ላይ መውጣት አይደለም። በእንግሊዝ አገር የዚሁ ወገን የሆነውን ላንሶፕራዞልን የማያቋርጥ የጉሮሮ ምልክት ላለባቸው ሰዎች ለ16 ሳምንታት ሰጥተው ከባዶ ክኒን ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነት አልተገኘም፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ሐኪሙ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ ሁለት ሦስት ወር እንሞክረው፣ ለውጥ ከሌለ ቀስ በቀስ ትተነው ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን አሉ። በድንገት ከተተወ አሲዱ ለጊዜው ብሶበት ይመለሳልና። እኔም ከመሞከር ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

አሁን ወደ ሎሚው ልምጣ። ከአክስቴ ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ የማያዝልኝ ሰው የለም። «ልጄ፣ ፌጦ በሎሚ ይቆርጠዋል»፤ «ማር በሎሚ»፤ «ዝንጅብሉን ቀቅለሽ ሎሚ ጭመቂበት»። ሁሉም ሎሚ! ከጨጓራ የሚወጣው አሲድ ብቻ አይደለም፤ ፔፕሲን የሚባለው ሥጋ ፈጪ ኢንዛይምም አብሮት ይወጣል፣ ከጉሮሮም ሥጋ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አሲድ ካላገኘ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም፤ አሲድ ሲያገኝ ይነቃል። ያ አሲድ ከታች ቢመጣ ከላይ ቢመጣ ለእሱ ግድ የለውም። እኔ ደግሞ ስንት ማለዳ በባዶ ሆዴ ትኩስ ውኃ በሎሚ ስጠጣለት ኖሬአለሁ፤ ሰው ሁሉ በፍቅር ያዘዘልኝ ነውና።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዋናው ሕክምና ያለው በአለቃችን እጅ መሆኑ ነው። ከእራት እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ይቆይ ተባልሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቤቷ የምትገባ ሴት ይህን ካከበረች የምትተኛው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው፤ የጠዋቱ ደወል ደግሞ አይጠብቃትም። የአልጋዬን ራስጌ እግሮች በጡብ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌአለሁ፤ ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ስለሚጫን ይብስበታል ተብያለሁ። ቡናውን ከቶና በኋላ ትቻለሁ፤ እሱም ከሐዘን አይተናነስም። የቀረው የማታው ክፍል ወደ ሌላ መምህር እንዲዛወርልኝ ነበር። የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ቢሮአቸው ገባሁ፤ አነበቡት፤ «ቃር እኮ ሁላችንም አለብን» ብለው መለሱልኝ። ቃር የለብኝም ብዬ ለማስረዳት ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ «ይኸው፣ አሁንም ቅሬታ» አሉኝ።

ነገም ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ የማታ ክፍል አለኝ። እራቴን በሳህን ይዤ ሄጄ ከመግባቴ በፊት በመምህራን ክፍል እበላለሁ፤ ሽታው የሚያስቸግረው ካለ እጁን አውጥቶ ይናገር። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ሎሚ ብሎ የሚጽፍልኝን ሰው ግን፣ አክስቴም ብትሆን፣ አጠፋዋለሁ።