ከረንት ሬሾው ሲያድግ ጥሬ ገንዘቡ የት ሄደ?

የሂሳብ መግለጫ የሚያነብ ሰው የድርጅቱን የአጭር ጊዜ የመክፈል አቅም ለማየት ሁለት ስሌቶች ይሠራል። ከረንት ሬሾ የአጭር ጊዜ ሀብትን ሁሉ ለአጭር ጊዜ ዕዳ ያካፍላል። ኩዊክ ሬሾ ደግሞ ከሀብቱ ላይ የዕቃ ክምችቱንና ቅድሚያ የተከፈሉ ወጪዎችን ቀንሶ በቶሎ ገንዘብ ይሆናል የሚባለውን ብቻ ይዞ ያካፍላል። ብዙዎች የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 1 ከሆነ ፋይሉን ዘግተው ይነሣሉ። እኔ ግን ከረንት ሬሾው ካምናው ሲሻሻል ነው ይበልጥ የምጠረጥረው።

አንድ አከፋፋይ ድርጅት እናስብ። ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው 60 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ፣ 120 ሚሊዮን ተሰብሳቢ ሂሳብና 120 ሚሊዮን የዕቃ ክምችት አለው፤ ድምሩ 300 ነው። የአጭር ጊዜ ዕዳው 200 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ከረንት ሬሾው 1.5፣ ኩዊክ ሬሾው 0.9 ይሆናል። ችግሩ፣ የ90 ሚሊዮን የረጅም ጊዜ ብድር የሰጠው ባንክ በውሉ ላይ «በዓመቱ መዝጊያ ከረንት ሬሾው ከ1.6 እንዳይወርድ» ብሎ ጽፏል። ከወረደ ባንኩ ብድሩን ወዲያውኑ መጠየቅ ይችላል። በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ደግሞ ባንኩ ከመዝጊያው ቀን በፊት የእፎይታ ጊዜ ካልሰጠ ብድሩ በሙሉ ወደ አጭር ጊዜ ዕዳ ይዛወራል። ያኔ 300 ለ290 ነው፤ ከረንት ሬሾው 1.03 አካባቢ ይወርዳል።

የፋይናንስ ኃላፊው ብዙ አልተጨነቀም። ከ60 ሚሊዮኑ 50ውን አውጥቶ ለአቅራቢዎች ከፈለ። ሀብቱ 250፣ ዕዳው 150 ሆነ፤ ከረንት ሬሾውም ወደ 1.67 አደገ። ውሉ ተከበረ፣ የተዋሸም የለም። ድርጅቱ ግን አዲሱን ዓመት የሚጀምረው በ10 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ደመወዝና ግብር ደግሞ ቀናቸው ደርሷል።

ይኸው ክፍያ ኩዊክ ሬሾውን ከ0.9 ወደ 0.87 አወረደው። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወረደ። ምክንያቱ ተራ ሂሳብ ነው፤ ከላይና ከታች እኩል መጠን ሲቀነስ ከ1 የሚበልጥ ሬሾ ያድጋል፣ ከ1 የሚያንስ ይቀንሳል። ሁለቱ ሬሾዎች በአንድ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ካየሁ መጀመሪያ የምጠይቀው በመጨረሻዎቹ ቀናት ምን እንደተከፈለ ነው። የዓመቱ የወለድ ወጪም ይረዳል። በመዝጊያው ቀን ከሚታየው የባንክ ዕዳ አንጻር ወለዱ ከበዛ፣ ዕዳው ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ቆይቶ ለፎቶው ብቻ ዝቅ ብሏል ማለት ሊሆን ይችላል።

ኩዊክ ሬሾውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ተሰብሳቢ ሂሳብን እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥረዋልና። የድርጅታችን የዓመት የዱቤ ሽያጭ 480 ሚሊዮን ነው እንበል። 120ን ለ480 አካፍለን በ365 ስናባዛ 91 ቀን ይመጣል። ለደንበኞቹ የሚሰጠው የዱቤ ጊዜ ግን 30 ቀን ነው። በወር 40 ሚሊዮን የሚሸጥ ድርጅት ገንዘቡን በወቅቱ ቢሰበስብ ኖሮ ደንበኞች ዘንድ የሚቀረው 40 ወይም 50 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ቀሪው 70 ሚሊዮን ያረጀ ሂሳብ ነው። እሱን ብናወጣው ከክፍያው በኋላ 150 ሚሊዮን ዕዳ ፊት የሚቆመው 60 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ኩዊክ ሬሾው 0.4 ይሆናል። ለአጠራጣሪ ሂሳብ መጠባበቂያ ተይዞ ከሆነ የተያዘው መጠን ከዚህ ሥዕል ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ የተሰብሳቢው ዕድሜ ዝርዝር የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው። ያልተሸጠ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ቢያረጅም ከረንት ሬሾው እንደ ሀብት ይቆጥረዋል።

በተቃራኒው ዝቅተኛ ሬሾ ሁልጊዜ ሕመም አይደለም። ሱፐርማርኬት ዕቃውን በቀናት ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ሸጦ አቅራቢውን ከ60 ቀን በኋላ ሊከፍል ይችላል። ሬሾው ከ1 በታች ሆኖም ገንዘብ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ሽያጩ የቀነሰ ለታ ነው። ከደንበኛ አስቀድሞ የተቀበሉት ገንዘብም ከአጭር ጊዜ ዕዳ ይመደባል፤ የሚወራረደው ግን ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በማስረከብ ነው።

ወደ አከፋፋዩ ልመለስና፣ እኔ አበዳሪው ብሆን 1.67ቱን ትቼ የቀጣዮቹን 13 ሳምንታት የገንዘብ ገቢና ወጪ ዕቅድ እጠይቅ ነበር፤ በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚከፍል፣ ለማን እንደሚከፈል። ከ70 ሚሊዮኑ በዚያ ዕቅድ ላይ እንደ ገቢ የተጻፈ ካለ፣ የየትኛው ደንበኛ እንደሆነና በመጨረሻ የከፈለው መቼ እንደነበር አብሬ እጠይቃለሁ።