ማስተካከያ፦ ብዙ የተደጋገመው ኮድ ዋናው ምድብ ላይሆን ይችላል

«ባለፈው ስለ ግራውንድድ ቲዮሪ፣ ማለትም ቲዮሪን ከዳታው ስለሚያወጣው የጥናት ዘዴ፣ ስትጽፍ ‹ብዙ ጊዜ የመጣውን ኮድ ዋና ምድብ አድርጉት› ብለሃል። ታዲያ ቲዮሪው ከቆጠራ ይወጣል ማለት ነው?»

አይወጣም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የዘዴው መሥራቾች ግሌዘርና ስትራውስ በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ያደረጉትን ጥናት አስቡት። ጉዳዩ በሞት አፋፍ ያሉ ታካሚዎች ናቸው።

በክፍት ኮዲንግ፣ ማለትም ለዳታው ቁርጥራጮች ስም ስንሰጥ፣ «ነርሷ ወሬ ትቀይራለች»፣ «ታካሚው ፊቷን ያነባል» የሚሉ ኮዶች ወጡ እንበል (ኮዶቹ የእኔ ናቸው፣ ለማስረዳት ያህል)። ወሬ መቀየር መቶ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ግን ብቻውን ምንም አያስረዳም። በአክሲያል ኮዲንግ መቼ ትቀይራለች፣ ምን ይከተላል ብለን ስንጠይቅ፣ የምትቀይረው ታካሚው እንደሚሞት ሳያውቅ እሷ ስታውቅ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እሱ ደግሞ ይጠረጥርና መፈተን ይጀምራል። ሴሌክቲቭ ኮዲንግ ላይ እነዚህን ሁሉ የሚያስረው ምድብ «ማን ምን ያውቃል» የሚለው ነው። ግሌዘርና ስትራውስም አራት ሁኔታ ለዩ፦ ታካሚው አያውቅም፣ ይጠረጥራል፣ ሁሉም እያወቀ ያስመስላል፣ በግልጽ ይወራል። ቲዮሪ የሚሆነው ከአንዱ ወደ ሌላው ምን እንደሚያሻግር ሲነገር ነው፤ የአራት ስሞች ዝርዝር ገና ቲዮሪ አይደለም።

ሌላም ስህተት አለብኝ። ሦስቱን የኮዲንግ ደረጃዎች ግሌዘርና ስትራውስ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሉ አድርጌ ነበር፤ በዚህ መልክ የደረደሯቸው ግን ስትራውስና ኮርቢን በ1990 ናቸው። ግሌዘር አክሲያሉን ዳታውን በግድ ወደ ተዘጋጀ ቅርጽ ማስገባት ነው ብሎ ተቃውሞታል።