ወይራው ወሰን አይመልስም

«ከጎረቤቴ ጋር በመሬት ወሰን ተቀያይመናል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኔ ነው። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውዬ፣ ሰግጄ፣ ቄሱ በወይራ ከነኩኝ አይበቃም ወይ? እሱ እኮ ሙስሊም ነው፤ ከኔ ስቅለት ጋር ምን አገናኘው?»

አይበቃም። ከወይራው ልጀምር።

ስቅለት ዕለት ምእመኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ይውላል። አመሻሹ ላይ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ሰው በየተራው ይቀርባል፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ ይደረጋል፣ ይህን ያህል ስገድ ይባላል። ሰግዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥሩ ነው። የጎረቤትህ መሬት ግን ያኔም ያንተ ማሳ ውስጥ ነው። መቶ ብትሰግድ አንድ ትልም አይመለስም።

ሌላው ጊዜው ነው። ብዙ ሰው እርቁን ለሕማማት ያቆየዋል። ሕማማት ግን ነገሮች ቆም የሚሉበት ሳምንት ነው። መስቀል መሳለም የለም። መጨባበጥና መሳሳም የለም፤ ይሁዳ ጌታን የሰጠው በመሳም ነውና። ጸሎተ ፍትሐትም አይደረግም። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው እንኳ ፍትሐቱ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ የሚደረገው ለዚህ ነው። እንግዲህ ታርቀህ አንገት ለአንገት ተቃቅፈህ፣ ለንስሐ አባትህ ነግረህ ልትጨርስ ከፈለግህ ቀነ ገደብህ ሆሳዕና ነው። እኔ ከደብረ ዘይት እሑድ ጀምር እላለሁ። ገብርኄርና ኒቆዲሞስን ይዘህ እስከ ሆሳዕና ሦስት ሳምንት አለህ። ሽምግልና ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ አይደለም። አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ይሄዳል፣ ሌላው ገበያ ይወጣል፣ ሳምንቷ እንዲሁ ታልቃለች።

«ምን አገናኘው» ላልከው፣ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ሃይማኖቱን ጠይቅ አይልም። ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ለእገሌና ለእገሌ ብቻ ብሎ አልለየም። ደግሞ ጎረቤትህ ነገሩን ከአንተ ይልቅ ሊረዳው ይችላል። በእስልምናም የሰው ሐቅ የያዘ ሰው ተውባው የሚሞላው ሐቁን ለባለቤቱ ሲመልስ ወይም ባለቤቱ ሲተውለት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ቄስና ሼህ ወንድማማቾች በሚገኙበት አገር፣ ወሎ ውስጥ፣ ይህን ማስረዳቴ ራሱ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ንገር። «ከጎረቤት ጋር ትንሽ ተጋጭተናል» አትበል። ይህን ከተናገርክ የሰላሙን ጸሎት አብዝቶ ይሸኝሃል፤ ጥፋቱ የሱ አይሆንም። ስንት ዓመት፣ ስንት ትልም እንደገፋህ ንገረው። ያኔ ቀኖና ከመስጠቱ በፊት መልስ ይልሃል።

ከዚያ ሽማግሌ ፈልግ። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ እሱ የሚያምነው፣ አንዱ አንተ የምታምነው፣ ሦስተኛው ሁለታችሁም ቃሉን የማትጥሉት። ቢቻል ከአዋሳኞቻችሁ አንዱ ይኑርበት፤ ድንጋዩ ድሮ የት እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነው። ብቻህን ዘው ብለህ ደጁ አትሂድ። ያስቀየምከው ሰው ድንገት ደጁ ላይ ሲያይህ ልቡ ወደ እርቅ ሳይሆን ወደ ዱላው ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ ማሳው ላይ ውጡ። እርቅ ሳሎን ውስጥ ካለቀ ወሰኑ እንደተገፋ ይቀራል። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ተቃቅፈው ይለያያሉ፣ በክረምቱ ሞፈር ሲነሳ ጠቡ እንደ አዲስ ይነሳል። ጾሙ የሚውልበት ወቅት ለዚህ ይመቻል፤ የመኸሩ እህል ተነስቷል፣ ትልሙ ይታያል። በልግ የምታመርቱ ከሆናችሁ ግን ዘር ከመግባቱ በፊት ፍጠኑ።

ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል። በየዓመቱ አንድ ትልም እየገፋህ አራት ዓመት ሄድክ እንበል። ዛሬ የያዝከው ቁራጭ ወርዱ አንድ እርምጃ፣ ርዝመቱ መቶ እርምጃ ሆኗል። ከዚያ በዓመት አሥር ኪሎ ጤፍ ይወጣል ብለን እንያዝ። በመጀመሪያው ዓመት የበላኸው ሩቡን ነው፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሦስት ሩቡን፣ በአራተኛው ሙሉውን። ሲደመር የሁለት ዓመት ተኩል ምርት ነው። ሃያ አምስት ኪሎ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ጤፍ ማለት ነው። ዘርና ድካምህን ቀንስልኝ ብለህ አትከራከር። ማን ዝራ አለህ? እሱ ራሱ ግማሹን ልተውልህ ካለ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ግን ከሱ አፍ ይውጣ። ድንጋዩን አዋሳኞች ባሉበት ወደ ቦታው መልስ። ሁለታችሁም የይዞታ ደብተር ካላችሁ አውጥታችሁ አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ የቀበሌው የመሬት ባለሙያ ይጨመር።

ከዚያ ነው ቃሉ የሚመጣው። «ካስቀየምኩህ አፉ በለኝ» ብሎ ነገር የለም። ማስቀየምህን ሦስት ሽማግሌ አይቶታል። «ወሰንህን አራት ዓመት ገፍቻለሁ። ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ» በል። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስትናገረው ግን ጉሮሮ ይይዛል። በየዓመቱ ሆሳዕና ሰሞን ፌስቡክ ላይ «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ» የሚለው ጽሑፍ ይህን ለመሸሽ የተፈጠረ ይመስለኛል። ለሁሉም የተባለ ይቅርታ ለማንም አልደረሰም።

ቡናው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። አንተ ጾመኛ ነህ፤ ስለዚህ ቀጠሮው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን። በቅርብ ዓመታት እንደሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዷን ከተገጣጠሙ ደግሞ ቡናው ከመግሪብ ወዲያ ነው። ዳቦና ቆሎ ለሁሉም ይሆናል፤ የሥጋ ጣጣ የለም። ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቄሱ ይመርቃሉ፣ ሁሉም አሚን ይላል።

ሽማግሌዎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በዓል በደረሰ ቁጥር የተበደለውን ያጣድፉታል። «ስለ እግዜር ብለህ ተው፣ በዓሉ ደረሰ» ይሉታል። የቸኮለው እኮ በዳዩ ነው፤ ቀኑም የሱ በዓል ነው። ያ ሰው አራት ዓመት መሬቱ ሲበላ ዝም ብሏል፤ አስቦ ለመመለስ አንድ ሳምንት ቢጠይቅ መብቱ ነው። መሬት ሳይሆን ዱላ ወይም የሴት ልጅ ጥቃት ከሆነ ደግሞ ተበዳይዋን ፊት ለፊት አቅርቡ ማለት ራሱ ሌላ በደል ነው። እዚያ ሕግም አለ።

እምቢ ቢልህስ? መሬቱን መልስ፣ ጤፉን ሽማግሌዎቹ እጅ አኑር። ሽማግሌዎቹ ከሳምንት በኋላ ደግመው ይሂዱ፣ አሁንም እምቢ ካለ አንዴ ይድገሙ። ከዚያ ሆሳዕና ሳይገባ ለንስሐ አባትህ «መልሻለሁ፣ ሰውየው ግን አልታረቀኝም» በል። ሽማግሌዎቹ ይመሰክሩልሃል፤ ቀጥሎ ያለው ውሳኔ የንስሐ አባትህ ነው። ጎረቤትህን አታኩርፈው፣ ሰላምታም አትንሳው። ጤፉንም በእምቢታው ምክንያት ወደ ጎተራህ አትመልስ፤ የሱ ነው።