ከዜሮ እስከ አምስት

መኪናዬን የገዛኋት በ12 ዓመቷ ነው። ያደገችው ጃፓን ነው፤ ስለ አስተዳደጓ የሚነግረኝ ሰው የለም። ከመሪው ጎን፣ ከጉልበቴ ከፍ ብላ፣ በአውራ ጣት የምትሽከረከር ትንሽ ማዞሪያ አለች። ከ0 እስከ 5 ቁጥር ተጽፎባታል። አጠገቧ ስዕል አለ፦ ሆዱ የተነፋ ነገር፣ ከፊቱ መስመሮች፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጠቁም ቀስት።

ባለቤቴ አየችውና "ሻወር ነው" አለች። መኪና የሌለው፣ ነገር ግን መኪና የሚያውቀው ጓደኛዬ ሳቀባት።

"የወንበር ማሞቂያ ናት። 5 ላይ አድርጋትና ቁጭ በል።"

አደረግኩ። ሞቀኝ። ምን እንዳሞቀኝ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ መንገዱ ጠፋኝ። መብራቴ የሚያሳየኝ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ያለችውን ቁራጭ አስፋልት ብቻ ሆነ። ኤሌትሪሺያኑ "አምፖሉ ደክሟል" ብሎ ሁለቱንም ቀየረልኝ። አሁን ያችኑ ቁራጭ አስፋልት በደንብ አየኋት፤ ጉንዳን ቢያልፍ እቆጥራለሁ። "እንግዲህ ዓይንህን ታይ" አለኝ። ታየሁ። ዓይኔ ደህና ነው።

ወንበሩ አልሞቅ ሲል ነው የስዕሉን ነገር የጀመርኩት። መብራቱን ብዬ አይደለም፣ አልዋሽም።

መጀመሪያ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ አዝማድ ላክሁ። ፍላሽ በርቶ ስለነበር የሚታየው አንድ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ይህ ማንንም ከመልስ አላገደም። አንዱ "የዝናብ መጥረጊያ ነው" አለ። አጎቴ ደግሞ "አትንካው ልጄ" አሉ። ሁለተኛውን በብልሃት አነሳሁ። ፍላሹን አጠፋሁ፤ ስዕሉ ከውስጥ እንዲበራ የመኪናዋን ፓርኪንግ መብራት አበራሁ፤ ስልኩን ትንሽ አዘንብዬ ቁጥሮቹና መሪው አብረው እንዲገቡ አደረግኩ። ስዕሉ ብቻውን ተቆርጦ ሲታይ ቁልፍ ይሁን፣ ማዞሪያ ይሁን፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ይሁን አይለይም።

የመኪና ስዕሎች ዓለም አቀፍ ደረጃ አላቸው፤ ቁጥሩ ISO 2575 ነው። ሰንጠረዡን ከፎቶዬ ጎን አስቀመጥኩ። ሆዱ የተነፋው ነገር የፊት መብራት ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ ብዙ ነው። መስመሮቹ ወደ ታች ካዘነበሉ አጭር መብራት ነው። ቀጥ ካሉ ረጅሙ ነው። ጠመዝማዛ መስመር ካቋረጣቸው የጉም መብራት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚጠቁም ቀስት ያለው ደግሞ የመብራቱ ከፍታ ማስተካከያ ነው።

ላረጋግጥ ብዬ ማንዋል አወረድኩ። ማዞሪያዋ የለችም! ለካስ ያወረድኩት ለሌላ አገር ገበያ የተሠራውን ነው፤ የዚያኛው መብራት ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል። እውነተኛው ማንዋል ኪሷ ውስጥ ነበር። በጃፓንኛ ስለሆነ እንደ ድግምት ስፈራው የኖርኩት ነው። ግን መጀመሪያው ላይ የዳሽቦርዱ ስዕል አለ፤ ከማዞሪያዋ ላይ ቀጭን መስመር ወጥቶ የገጽ ቁጥር ይሰጣል። የገጽ ቁጥር ጃፓንኛ አይፈልግም።

ገጹ ላይ ሰዎችና ሻንጣዎች ተስለዋል። ሾፌሩ ብቻውን ከሆነ 0። ወንበሩ ሁሉ በሰው ሲሞላ ቁጥሩ ይጨምራል። ትልቁ ቁጥር የተሰጠው፣ ብቻውን ሆኖ ኋላውን በሻንጣ ለሞላው ሰው ነው። ከቤት የተባረረ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ክብደት ነው። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ሲሆን ኋላዋ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሳል፣ መብራቷም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር መብራቱ ዝቅ ይላል። የተባረረው ሰውዬ እንኳ በኔ ማንዋል 5 አልደረሰም። እኔ ግን ብቻዬን፣ ባዶ መኪና ይዤ፣ 5 ላይ ወራት ነዳሁ።

ማታ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ርቄ አቆምኩና አጭር መብራቱን አበራሁ። መብራት ካልበራ ማዞሪያዋ አትሠራም። ከ5 ወደ 0 ቀስ ብዬ አዞርኳት። ከፊት "ዝዝዝ" አለ፤ ትንሿ ሞተር ናት። የብርሃኑ ጠርዝ ግድግዳው ላይ እኩል ወደ ላይ ወጣ። አንዱ ጎን ሳይነቃነቅ ቢቀር ኖሮ የዚያኛው ሞተር ወይም ሶኬቱ ተበላሽቷል ማለት ነበር።

ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩለት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ።

"ታዲያ ወንበሩ አሁን ይሞቃል?"

"አይሞቅም።"

"0 ላይ አድርገኸው እንዴት ይሞቃል?"