ክርክር፦ የማታው ቡና ይቅር ወይስ ይቀጥል?

«የምንኖረው ጂማ ነው። አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳወራ ውዬ 11 ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። ባለቤቴ በየማታው ጎረቤት ጠርታ ቡና ታፈላለች። እኔ ደግሞ ጸጥታ ነው የምፈልገው። መኝታ ቤት ስገባ "ኮራ" ይሉኛል፣ እሷም ታኮርፋለች። ማናችን እንተው?»

ለቡናው የቆሙት፣ የእድር ሰብሳቢ እናት

ቡናው ይቀጥል! ልጄ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው የዋልከው። እሷ ከሕፃን ልጅና ከድስት ጋር ስትታገል ነው የዋለችው። ሰው የምታየው ማታ ብቻ ነው። ደግሞ ጎረቤት የሚያስፈልገው ለወሬ ብቻ እንዳይመስልህ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲያወርደው፣ ሌሊት ሰው ሲታመም፣ መጀመሪያ በርህን የሚያንኳኳው ያ ቡና የጠጣ ሰው ነው።

የኔም ባል እንዳንተ ዝምተኛ ነበር። እየጎተትኩ ነበር የማስቀምጠው። ትንሽ ከቆየ በኋላ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነው። ዓይን አፋርነት ነው፣ ይለመዳል።

ለጸጥታው የቆመው፣ ባለትዳሮችን የሚያማክር ባለሙያ

እትዬ፣ ጠያቂው ልጅ አለኝ አላለም። ሚስቱ ሥራ ትዋል ቤት ትዋልም አናውቅም።

ዓይን አፋር ሰው የሚፈራው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ተማሪ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ይውላል። አልፈራም፣ ደክሞታል። ባለቤትዎ መሳቃቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ሰዎች ከሰው ጋር ሲጫወቱ ስሜታቸው እንደሚነቃቃ፣ ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ድካሙ እንደሚመጣ አሳይቷል። ዝምተኛውም ተጫዋቹም ላይ ነው የታየው። እርስዎ ሳቁን አይተዋል። እንግዳው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል ባለቤትዎ ምን ይመስሉ ነበር?

እናት

እሱን እንኳን አላየሁም፣ ዕቃ አጥብ ነበር። ግን የፊንላንድ ሰው ጎረቤቱን በየማታው ቡና ይጠራል እንዴ? የነሱን ድካም ለጂማ ሰው አታልብሰው።

ባለሙያው

ልክ ነዎት፣ ጥናቱ የጥቂት ሰዎች ነው። ስለዚህ ወደዚህ ቤት እንመለስ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እንግዳ በሌለበት ማታ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ያጫውታታል ወይ? የሚያጫውታት ከሆነ ችግሩ ድካም ነው፣ መፍትሔም አለው። ያኔም ዝም ካለ፣ ድሮ የሚወደውንም ነገር ከተወ፣ ጉዳዩ ቡናው አይደለም። ምናልባት የቆየ ቅሬታ ነው፣ ምናልባትም ሕክምና የሚያስፈልገው ድባቴ ነው።

ድካም ከሆነ ደግሞ ነገሩን የሚያባብሰው ፀባያቸው መለያየቱ ሳይሆን ማሳደዱ ነው። እሷ «ና ተቀመጥ» ስትል እሱ ይሸሻል። ሲሸሽ የጠላት ይመስላትና አጥብቃ ትጠራዋለች። እሱም በሩን ይዘጋል። ጎረቤት የሚያየው የተዘጋውን በር ብቻ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። 11 ሰዓት ሲገባ እስከ 12 ሰዓት ማንም አያናግረው። ቡናው ከዚያ በኋላ ይፈላ። ወጥቶ ሁሉንም በስም ሰላም ብሎ አቦሉን አብሮ ይጠጣ፣ ከዚያ ይነሳ። እንደሚነሳ ሚስቱ አስቀድማ ታውቃለች፣ እሷው ናት «ይረፍበት» የምትለው። ይህን ከእሷ አፍ ሲሰሙ ኮራ የሚለው ሐሜት ይበርዳል። በሳምንት ሁለት ማታ ደግሞ ቡናው ጎረቤት ቤት ይፈላ፣ እሷ ብቻዋን ትሂድ።

እናት

ተራ ማድረጉ ጥሩ ነው፣ እኛም ሰፈር እንዲያ ነው የምናደርገው። አቦል ጠጥቶ መነሳቱን ግን አልቀበልም። በረካ ሳይጠጣ የሄደ ምርቃቱን ትቶ ሄደ ነው የሚባለው። ሦስቱንም ይጠጣ፣ ከፈለገ አያውራ። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ማንንም አያስቀይምም። ለቅሶ ላይ ደግሞ ደክሞኛል ማለት የለም!

ባለሙያው

ለቅሶውን እቀበላለሁ፣ ጉልበቱን ለእንደዚያ ቀን ነው ማስቀመጥ ያለበት። ዝም ብሎ ይቀመጥ ያሉት ግን አይሆንም። ዝም ያለን ሰው ሁሉም «ምነው፣ አመመህ?» ይለዋል፣ ያ ራሱ ሥራ ነው። ሦስቱ ዙር ደግሞ አንድ ሰዓት ያልፋል። በየማታው አይችለውም። እሁድ በረካው ድረስ ይቀመጥ፣ በሥራ ቀን ይነሳ።

እናት

እሁዱ ይሁን። በሥራ ቀን መነሳቱን ግን የሱን ብቻ ሰምቼ አልፈርድም። ሚስትየዋ ትጻፍልን። ጎረቤቶቹን የምትጠራው ለምንድነው? እሱ ስለማያጫውታት ከሆነ፣ ያንተ ፕሮግራም ሁሉ ተገልብጦ መጀመር አለበት።